ዓይኑን የጨፈነ ቢጫ ፊት

አምና ግንቦት ቢቸና ነበርኩ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየጠበቅሁ ቀን ቀን አጠናለሁ፤ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ደግሞ ስልኳን አነብላታለሁ። እናቴ ፊደል ትለያለች። ዳዊቷን ቀስ እያለች ትወጣዋለች። የስልክ ጽሑፍ ግን "ዓይኔን ያደክመኛል" ብላ ለእኔ ትተወዋለች። ስልኩ ከሰው እጅ የተገዛ፣ መስታወቱ በአንድ ጥግ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። በዚያን ሰሞን ዳታ አልነበረም። መደወል አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም፤ አጭር መልእክት ግን ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል።

ወሬ የምንጠብቀው ከሞጣ ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት እዚያ ትኖራለች። እናቴ "እታለም" ነው የምትላት። አክስቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። ለዓመታት በሻሽ ስትሸፍነው ኖራ፣ መዋጥ ሲያስቸግራት ሆስፒታል ሄደች። ለኦፕራሲዮን የዛሬ ሁለት ሳምንት ብለው ቀጠሯት፤ እናቴም ያን ጊዜ ሄዳ ልታስታምማት ተዘጋጅታ ነበር። ነገር ግን ተራ የያዘ ሌላ በሽተኛ ቀረና አክስቴን በድንገት ጠሯት። እናቴ መድረስ ስላልቻለች የአክስቴ ጎረቤት አብረዋት ገቡ።

እኚህ ጎረቤት ሙስሊም ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ከአክስቴ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጅ ሆኜ ሞጣ ስሄድ የጨርቅ ቁራጭ እየሰጡኝ አሻንጉሊት እሠራበት ስለነበር፣ እትዬ እያልኩ ነው የማውቃቸው። የሆስፒታሉን ወሬ የሚጽፉልን እሳቸው ነበሩ። የሚጽፉት ደግሞ ለእኔ ነው፤ ስልኩን የማነበው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ።

ማክሰኞ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ነገ ትገባለች። አላህ ያሽራት።" ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ባዶ ሳጥን ነበረች። ረቡዕ ደግሞ፦ "ገብታለች። ዱዓ አድርጉ።" አሁንም ባዶ ሳጥን፤ ሦስት ጊዜ ተደርድሮ። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ የሚያበላሸው ነገር መስሎኝ ሳጥኖቹን አልቆጠርኳቸውም። ለእናቴም ቃሉን ብቻ አነበብኩላት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። እናቴ ስልኩን ቤት ትታ ገበያ ሄዳ ነበር።

የመጀመሪያው፦ "ለጊዜው ስልክ አትደውሉላት 🙏"

ሁለተኛው፦ "እናትሽን ይዘሽ ነይ 🙏"

በዚያ ስልክ ላይ ይህ ምልክት እጅ ብቻ አልነበረም። ዓይኑን የጨፈነ ቢጫ ፊት ነው፤ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ አቀርቅሯል። ያየሁት መጀመሪያ ፊቱን ነው፣ ቃሉን ከዚያ በኋላ።

ለምን እንደደነገጥኩ ለማስረዳት ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተው ደጀን አካባቢ በመንገድ ሥራ ላይ እያለ ነው። ያን ጊዜ ለእናቴ የመጣው መልእክት "ትንሽ አሞታል፣ ነይ" የሚል ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው ብቻውን እያለ፣ መንገድ ላይ እያለ፣ ሳይበላ እያለ እንዲሰማ አይፈለግም። መጀመሪያ ለጎረቤት ወይም ለእድር ሽማግሌ ይነገራል፤ እነሱ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጡና ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ የሚባለው ቃል የታወቀ ነው፤ "ትንሽ አሟታል"፣ "ደህና ናት፣ ግን ብትመጡ ጥሩ ነው"። ሁሉም ሰው ይህን ስለሚያውቅ "ደህና ናት፣ ነይ" ከሚለው ቃል በላይ የሚያስፈራ የለም። "ነይ" ብቻ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ነው።

እኔም ያን ምልክት የማውቀው ከጸሎት ጋር ነው። ዳታ በነበረ ጊዜ የማያቸው የመዝሙርና የስብከት ገጾች ስር ሰው ሁሉ "አሜን" እያለ እነዚያን እጆች ይደረድር ነበር። በክፍላችን ቴሌግራም ላይ የአንድ ተማሪ አባት ሞቶ "ነፍስ ይማር" ሲባል አርባ የምንሆን ልጆች ሌላ ነገር ሳንጽፍ እጆቹን ብቻ ነው የላክነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሆስፒታል ውስጥ ሆና "አትደውሉላት" ብላ ከአጠገቡ የሚጸልይ ሰው ስታስቀምጥ፣ አፏ ያልተናገረውን በሥዕሉ የተናገረች መሰለኝ። መርዶ በጽሑፍ አይላክም፤ ሥዕሉ ግን ሊያመልጣት ይችላል አልኩ።

መልሼ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ሁለተኛ ስደውል ባለቤታቸው አነሱት።

"አለች?" አልኳቸው። ሰላምታ እንኳ አላቀረብኩም።

"ማ? ጎረቤታችን? አልሐምዱሊላህ ደህና ናት" አሉ። ከኋላቸው የሱቅ ግርግር ይሰማል። "ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ናት።"

"አክስቴን ማናገር ይቻላል?"

"ኧረ አይቻልም። መናገር የለባትም ተብሏል።" ለአንድ ገዢ ዋጋ ነገሩና ተመለሱ። "ይልቅ ኑና እዩዋት።"

መስመሩ ተቆረጠ። ደህና ናት፤ መናገር ግን አትችልም፤ ኑና እዩዋት። አባቴን የሸፈኑበት ቃል እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር።

እናቴ ከመመለሷ በፊት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጥንቁቅ ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ስለነበር ሥርዓቱን መጠበቅ ፈለግሁ። ወደ እድራችን ዳኛ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የብስክሌት ጎማ እየለጠፉ አገኘኋቸው። መልእክቱን አሳየኋቸው፤ የስልኩንም ወሬ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

"ይሄ ምንድን ነው የሚያደርገው?"

"እየጸለየ ነው፣ ጋሼ።"

"እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።" እንደገና አዩት። "እርግጠኛ ነሽ? ወይስ ገምተሽ ነው?"

"ሰው ሲሞት የሚላክ ነው።"

እንዲህ ስላቸው ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ሙጫ የነካ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው "ለእናትሽ ምንም እንዳትነግሪ። ራት አብሊያት። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ አብረናት እንሄዳለን" አሉኝ። ስወጣም ጠሩኝ፦ "ፊትሽን ታጠቢ።"

እናቴ ስትመጣ ታጥቤ ጠበቅኋት። ከሞጣ ምን ተባለ ስትለኝ "ዛሬ አልጻፉም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ራት አቀረብኩ፤ ሳትጠይቀኝ ውሃ አመጣሁላት፤ የነገ ልብሷን አጥፌ አስቀመጥኩላት። አሁን ሳስበው በቤታችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ታዛዥነት የሚያስጠረጥር እንደነበር ይገባኛል። የልጅ ትሕትና ሲበዛ እናት ታውቃለች። ደጋግማ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ፤ ደጋግሜ "ምንም" አልኳት። ከደጅ አንዲት የእድር ሴት በር ላይ ቆማ "ደህና አመሻችሁ?" ብላ ምክንያት ሳትሰጥ ሄደች። እናቴ የሴትዮዋን ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተችው።

ጠዋት ጋሼ ከአንድ ቄስና ከሁለት ሴቶች ጋር ሲመጡ እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ፊቷ አጠገብ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ስልኩ ጭኗ ላይ አለ።

"ግቡ" አለቻቸው። "አውቄዋለሁ። አትድከሙ።"

አላለቀሰችም። ስልኩን አንስታ ወደ እኔ አዞረችው።

"ቃሉን ቀስ ብዬ አንብቤዋለሁ። ቃሉ ምንም አይልም። ይሄ ሰውዬ ግን ዓይኑን የጨፈነው ለምንድን ነው?"

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። አንዷ ሴት ልትጮህ ስትል ጋሼ እጃቸውን አነሱ፦ "አይሆንም። ቆይ። ያየ ሰው የለም። ሞጣ ደርሰን እስክናይ ማንም አይጮህም።" ያን ጊዜ ይህ ሥርዓት የማያውቅ ሰው ንግግር መስሎኝ ነበር።

ቄሱና ሴቶቹ ወሬው እስኪጣራ ቢቸና ቀሩ፤ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ከመስኮቱ ጥግ፣ እኔ መሃል፣ ጋሼ ዳር ተቀመጥን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቁኝ።

"ይቺ የጻፈችው ሴት ሙስሊም ናት አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ከሙስሊም መምህራን ጋር ሠርቻለሁ። ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን እንዲህ ዘርግተው ነው።" ጉልበታቸው ላይ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፈቱ፣ ውሃ እንደሚቀበል ሰው። "ገጥመው ሲጸልዩ አይቼ አላውቅም።"

"ስልኩ ሌላ ስለሌለው ይሆናል" አልኩ።

"ይሆናል" አሉና መዳፋቸውን ዘጉ። ከአፍታ በኋላ ግን እንደገና ተናገሩ፤ ለራሳቸው ይመስል ነበር። "እኛስ መቼ እንገጥማለን? አቡነ ዘበሰማያት ሲባል እጃችን የት ነው ያለው?"

አሰብኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመን ስንጸልይ መዳፋችን ክፍት ነው። እንሰግዳለን፣ እናማትባለን፣ እጃችንን እንዘረጋለን። መዳፍን ከመዳፍ ገጥሞ ከአገጭ ስር ማቆምን ያየሁት በታተመ ሥዕል ላይ ነው፤ ተንበርክከው የሚጸልዩ ሕፃናት ያሉበት፣ ከሱቅ የሚገዛ የግድግዳ ሥዕል። ማለትም ምልክቱ ጸሎት ነው ብዬ የማልኩበት እጅ የእኔ ጸሎት እጅም አልነበረም። ይህ በጣም ረበሸኝ። ለእናቴ ልነግራት ፈልጌ ፈራሁ፤ ተስፋ ሰጥቼ ተስፋው ውሸት ቢሆንስ?

ሞጣ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። አክስቴ ቤት በር ላይ ድንኳን የለም። ለአፍታ ደስ አለኝ። እናቴ ግን በሩን አይታ "ቀብረዋታል" አለች። "እኔን ሳይጠብቁ ትላንት ቀብረዋታል።" ከዚያ ወደ ጎን አየች። የጎረቤቶቹ ሱቅ ተዘግቷል። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ።

"ሱቃቸውንም ዘግተው ለቅሶ ላይ ናቸው።"

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። አፋቸውን ከፍተው ሊናገሩ ሲሉ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤቷ ባል ነጭ ቆብ አድርገው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር እየተጨዋወቱ ብቅ አሉ። የዕለቱ ስም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ዓርብ ነበር። ከጁምዓ እየተመለሱ ነው።

እናቴን ሲያዩ ፈገግ ሊሉ ጀመሩ። ዓይናቸው ነጠላዋ ላይ ሲያርፍ ግን ፈገግታው ጠፋ። ቆባቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ቀረቡ።

"ምን ሆናችሁ? ቢቸና ማን አረፈ?"

እናቴ አፍጥጣ አየቻቸው። "እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"እኛ አልሰማንም። በአላህ፣ የሰማነው ነገር የለም። ብንሰማ እንመጣ አልነበር?" በእውነት አዝነው ነበር። እናቴ ይህን አዘኔታ ሌላ መደበቂያ አድርጋ ወሰደችው፤ እሳቸው ደግሞ እሷ ዝም ስትል የሞተው የቅርብ ሰው መሆኑን እርግጠኛ ሆኑ። ሁለቱም እየተያዩ የሚናገረው ሌላኛው እንዲሆን ጠበቁ።

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። "እህቷ የት ናት? ቃሉን አታሳምረው። የት ናት?"

"ሆስፒታል ናት እንጂ የት ትሆናለች? ጠዋት አጥሚት ይዤላት ሄጄ ነበር። ጨው አነሰው ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።"

እናቴ ይህን ሰምታ አላመነችም። ግን መሄድ ጀመረች፤ ከሁላችንም ቀድማ።

ሴቶች ክፍል ውስጥ አልጋዎቹ ስድስት ነበሩ። አክስቴ በመስኮቱ በኩል ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። እትዬ ከአልጋው ሥር በርጩማ ላይ ሆነው ብርቱካን ይልጣሉ። እናቴ በሩ ላይ ስትቆም ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ ሄዳ የእህቷን ፊት፣ ትከሻ፣ ክንድ በእጇ ነካካች። የእህቷን እጅ ሳብ አድርጋ አሸተተችው። ለማመን ዓይን አይበቃም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

ጋሼ ምን መስሎን እንደመጣን በእትዬ ጆሮ ነገሯቸው። "ትላንት ስትደውሉ አልሰማሁም" አሉ እትዬ። "ጽፌላችሁ ስልኩን ሱቅ ለቻርጅ ትቼው ነበር። ሐኪሙ ድምጿ እስኪመለስ ሳምንት አታናግሯት ብሏል፤ ኦፕራሲዮኑ ከድምፅ መውጫው አጠገብ ስለሆነ ነው። እናንተ እየደወላችሁ ልታነጋግሯት ስትሞክሩ እንዳትደክም ብዬ አትደውሉ ብዬ ለመንኳችሁ እኮ።"

"ለመንኳችሁ?" አልኩ።

"አዎ። እጅ አድርጌበት አልነበር?"

ስልካቸውን አወጡ። አዲስ ነው። መልእክቶቹን ከፈቱልኝ፤ እኔም የእናቴን ስልክ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ያው ቃል፣ ያው ቅደም ተከተል። በእሳቸው ስልክ ላይ ግን ዓይኑን የጨፈነ ሰው የለም። ሁለት መዳፎች ብቻ ናቸው፣ ከእጅጌ ጫፍ ጋር። ፊትም የለ፣ ማቀርቀርም የለ።

ወደ ላይ ሳብኩት። የማክሰኞው "አላህ ያሽራት" ካለበት ቀጥሎ፣ በእኛ ስልክ ባዶ ሳጥን በነበረበት ቦታ፣ ሁለት የተዘረጉ መዳፎች ነበሩ 🤲። የረቡዕ "ዱዓ አድርጉ" ላይም ሦስት ጊዜ። እትዬ በየቀኑ ሲጸልዩላት ነበር፤ የእኛ አሮጌ ስልክ ያን ሥዕል አያውቀውም፣ ስለዚህ ባዶ ሳጥን እያደረገ ነው ያሳየን። ጸሎቱን ባዶ ሳጥን አድርጎ፣ ልመናውን ጸሎተኛ አድርጎ።

"ዱዓ በተዘረጋ እጅ ነው" አሉ እትዬ። "ይሄኛው የተገጠመው እኮ የንግድ ነው። ጅምላ ሻጮቹ ጨርቅ ሲልኩልኝ 'ይድረስልኝ' ብዬ እጆቹን እልካለሁ። ሲደርስ እነሱ 'እናመሰግናለን' ብለው ያንኑ ይልካሉ። ስንለምንም እሱ፣ ስናመሰግንም እሱ። ልጅሽ ግን..." ብለው ወደ እናቴ ዞረው አቆሙ።

ልጅሽ ግን ሰው ገደለች ሊሉ ነበር መሰለኝ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ስለዚህ ነገር ፈልጌ አነበብኩ። ስልክ ለስልክ የሚላከው ሥዕሉ አይደለም፤ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የተቀበለው ስልክ በራሱ ውስጥ ካለው ሥዕል ያወጣዋል፤ ከሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ለዚህ ነው አንዱ ስልክ ሙሉ ሰው፣ ሌላው ሁለት እጅ ብቻ የሚስለው። ምልክቱ መጀመሪያ የመጣው ከጃፓን ስልኮች ነው። እዚያ ሰው ሲለምን፣ ሲያመሰግን፣ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ማዕድ ሲቀርብለትም መዳፉን ይገጥማል። ሕንድ ውስጥ ሰላምታ ነው። ጸሎት ያደረጉት ደግሞ ክርስቲያኖች በሥዕልም በሥርዓትም እጅ ገጥመው የሚጸልዩባቸው አገሮች ናቸው። የተመዘገበው ስሙ ግን የተጋጠሙ እጆች ከማለት አያልፍም፤ ለምን እንደተጋጠሙ አይናገርም። ይህን የሚሞላው ሰውየው ከማን ጋር ሲጻጻፍ እንደኖረ ነው። እትዬ ከነጋዴ ጋር፣ እኔ ከአሜን ጋር። በዚያ ላይ እኛ ስናመሰግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንላለን፣ እሳቸው አላህ ይስጥልኝ ይላሉ፤ ምስጋናችን ራሱ ግማሹ ጸሎት ስለሆነ እጆቹን በየትኛውም በኩል ብናነባቸው ከቃሉ ጋር አይጋጩም። ስህተቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊኖር ይችል ነበር።

በዚያች ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አንድ ነገር አክስቴ የአንዳችንንም ንግግር እየሰማች አለመሆኑን ነው። ዓይኗ የእናቴ ነጠላ ላይ ተተክሏል። የተዘቀዘቀውን ጥለት አይታለች። ከመግባታችን በፊት አስተካክይው ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ማንኛችንም አላሰብነውም።

አክስቴ በትንፋሽ ብቻ "ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም" አልናት ሁላችንም፣ በአንድ ጊዜ። ይህ ነው ያበላሸው።

ጣቷን ወደ ነጠላው ቀሰረች። እናቴ በፍጥነት አዙራ ለበሰችው። እሱም የባሰ ሆነ፤ ሲደብቁ የተያዙ ሰዎች መሰልን።

"እታለም፣ አንቺን ነው" አለች እናቴ። "የሞትሽው አንቺ ነሽ። ይቺ ልጅ ነች ያለችው።"

አክስቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገር ታውቃለች። አንድ ልጅ ነው ያላት፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከደጀን በአባይ በረሃ እየወረደ የሚመላለስ። ኦፕራሲዮኑን እንኳ መንገድ ላይ እንዳይጨነቅ ብላ አልነገረችውም። የሱን ስም በትንፋሽ ጠራች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇ ወደ ፋሻው ሄደ። ነርሷ መጥታ "ማልቀስ የለባትም፣ ስፌቱ" ብላ ሁላችንንም በቁጣ አየችን።

ደወልን። አገልግሎት አይሰጥም አለ። "በረሃው ውስጥ ሆኖ ነው፣ ኔትወርክ የለም እዚያ" አሉ ጋሼ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ለመደበቅ የተባለ ቃል መስሏታል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ደወልን፤ እንደገና ደወልን። አራተኛው ላይ አነሳ። የሞተር ድምፅ ይሰማል። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከአክስቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩላት።

"ሀሎ? ማን ልበል?"

አክስቴ ፊቷ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። "እኔ ነኝ" አለች፣ በሻካራ ትንፋሽ።

"ማን ነኝ አሉ?"

"እናትህ።"

የሞተሩ ድምፅ ቆመ። መኪናውን ዳር ማቆሙ ነው። "የእናቴ ድምፅ እንዲህ አይደለም። ማን ናችሁ? እናቴን አገናኙኝ።"

ስልኩን ወደ ራሴ መለስኩና የአክስቱ ልጅ መሆኔን፣ ሆስፒታል እንደሆንን፣ ኦፕራሲዮን ተደርጋ መናገር እንደማትችል ነገርኩት።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

እትዬ ልጁን ለማጽናናት ከኋላዬ ጎንበስ ብለው "ደህና ናት፣ ና እና እያት" አሉ።

ሁላችንም ቀና ብለን አየናቸው። እሳቸውም የተናገሩት ቃል ገባቸውና ብርቱካኑን እንደያዙ ቀሩ። በስልኩ ውስጥ የመኪናው በር ሲከፈት ተሰማ።

"አንቺ ልጅ" አለ በመጨረሻ። "እውነቱን ንገሪኝ። እናቴ የለችም አይደል?"

አክስቴ ደረቷ መናወጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎን ደነገጥን፤ ፋሻዋን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር የምትስቀው፣ ያለ ድምፅ። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳጥኑን፣ ቢጫውን ፊት፣ ጋሼን፣ ነጠላውን፤ የሠራሁትን ሁሉ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና "ጭነቱን አራግፌ እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው። አመነኝ ወይስ አላመነኝም፣ አላወቅሁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። አክስቴ ተኝታ ነበር። እናቴ "ደህና ናት" አላለችውም፤ ዝም ብላ ከበርጩማው ተነሳችለት። አልተቀመጠም። አልጋው ግርጌ ቆሞ ብርድ ልብሱን ተመለከተ፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ከፍ ሲል። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ነው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የከተተው።